ከራጅ በፊት ጣት

ቂሊንጦ ላይ ቁርጭምጭሚት ለመጠምዘዝ ምክንያት አይጠፋም። የአቃቂ ሜዳ ጥቁር አፈር በክረምት ጫማ ላይ ተለጥፎ እርምጃ ያስታል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ተረከዝ የሚውጥ ክፍተት ያበጃል። ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ጠርዝ አለ፣ ሊፍት የሌለው የኮንዶሚኒየም ደረጃ አለ፣ ውሃ ሲጠፋ በዚያው ደረጃ ጄሪካን ተሸክሞ የሚወጣና የሚወርድ ሰው አለ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኳስ የሚገፉበት ሜዳ አለ። እግሩ ወለም ያለው ሰው ገና መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ የሚነሳው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ተሰብሮ ይሆን? ከከበቡት ሰዎች ግማሹ «ወጌሻ ይየው» ይላል፤ ግማሹ «ራጅ ይነሳ» ይላል።

ሁለቱም ወገኖች ጥያቄው አንድ ብቻ፣ መልሱም ዛሬውኑ የሚገኝ ይመስላቸዋል። በሕክምናው ዓለም ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተሰበሰበው ዕውቀት የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ወለምታ ሦስት ጥያቄዎች አሉት፤ የሚመለሱትም በተለያየ ጊዜ ነው። አጥንቱ ተሰብሯል ወይ የሚለው በመጀመሪያው ቀን በጣትና በአራት እርምጃ በአብዛኛው ይመለሳል። ጅማቱ ምን ያህል ተበጥሷል የሚለው አምስተኛው ቀን አካባቢ ቢጠየቅ ይሻላል። ከውስጥ ሌላ የተጎዳ ነገር አለ ወይ የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ካለፉ በኋላ የሚነሳ ነው፤ ውድ የሆነው የኤምአርአይ ምርመራ ቦታ የሚያገኘውም ያኔ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በሰሜን አሜሪካ ሆስፒታሎች እግሩን አሞት የገባ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ራጅ ይነሳ ነበር። ሥዕሉ ሲታይ ግን ስብራት የሚገኝባቸው ከመቶ 15 እንኳ አይሞሉም ነበር። በ1992 ኢያን ስቲል የሚባሉ የካናዳ ድንገተኛ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንድ አጭር ደንብ አወጡ። በከተማቸው ስም «የኦታዋ የቁርጭምጭሚት ደንብ» ይባላል። መሣሪያ አይፈልግም፤ የሚፈልገው የት እንደሚጫን የሚያውቅ ጣት ነው።

ደንቡ እንዲህ ይላል። ሕመሙ ከቁርጭምጭሚቱ ጉብታዎች አካባቢ ከሆነ፣ በውጪ በኩል ያለውን ጉብታ ፈልግና የኋላ ጠርዙን ከጫፉ ጀምረህ ወደ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ማለትም አራት ጣት ለማይሞላ ርቀት አጥንቱን ተጫን። በውስጥ በኩል ባለው ጉብታም ላይ ይህንኑ ድገም። አጥንቱ ራሱ ሲነካ የሚያም ከሆነ ራጅ ያስፈልጋል። ሕመሙ ከመሃል እግር ከሆነ የሚጫኑ ሁለት ቦታዎች አሉ፦ አንዱ በውጪው የእግር ጠርዝ መሃል ላይ፣ ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ ሲኬድ ጎላ ብሎ የሚዳሰሰው አጥንት ነው፤ ሌላው በውስጥ በኩል፣ ከጉብታው ወደ ፊትና ወደ ታች ያለው ነው። በመጨረሻም ሰውየው እንደተጎዳም ሆነ ሲመረመር አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ራጅ ይነሳ ይላል። እያነከሰም ቢሆን፣ ፊቱን እያኮማተረም ቢሆን፣ እያንዳንዱን እግር ሁለት ሁለት ጊዜ ከረገጠ ተራምዷል ማለት ነው።

ከእነዚህ አንዱም ካልተገኘ የሚያሰጋ ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። በ2003 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ግምገማ ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱባቸውን 27 ጥናቶች አንድ ላይ መርምሮ፣ ደንቡ የሚያመልጠው ስብራት ኢምንት መሆኑንና ያለ ጥቅም የሚነሳውን ራጅ ከመቶ ከ30 እስከ 40 ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል። በተቃራኒው ግን ብዙ አያስተማምንም፤ ደንቡ «ራጅ ይነሳ» ካላቸው ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ያልተሰበሩ ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ ደንቡ ስብራትን ለማግኘት ሳይሆን «የለም» ለማለት የተሠራ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንዲት የ34 ዓመት የቂሊንጦ ነዋሪ ሃያ ሊትር ውሃ ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ስትወጣ ግራ እግሯ የደረጃውን ጠርዝ ስቶ ወደ ውስጥ ታጠፈ እንበል። «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በውጪው ጉብታ ፊት ለፊት የእንቁላል ያህል እብጠት ወጣ። ድምፁም እብጠቱም ያስደነግጣሉ፤ ሆኖም ሁለቱም ስብራትን ከጅማት መበጠስ አይለዩም፤ ደንቡ ውስጥ ያልገቡትም ለዚህ ነው። ጎረቤቷ አጠገቧ ሆና ትጫናለች። ከጉብታው ፊትና ታች ባለው ለስላሳ ቦታ ላይ ጣት ሲያርፍ ትጮሃለች። የጉብታው የኋላ ጠርዝ ሲጫን ግን «እዚህ ጋ ደህና ነው» ትላለች። ጫፉም፣ የውስጡ ጉብታም፣ ሁለቱ የመሃል እግር አጥንቶችም ዝም ናቸው። ግድግዳ ሳትይዝ አራት እርምጃ እያነከሰች ትሄዳለች። ይቺ ሴት በዚያ ምሽት ራጅ አያስፈልጋትም። የሚያማት ቦታ ከውጪው ጉብታ ወደ ፊት የሚዘረጋው ጅማት ያለበት ነው፤ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ከሁሉም ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። የኋላ ጠርዙ ከጫፉ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ሲጫን እግሯን ብትሰበስብ፣ ምንም እንኳ ብትራመድ፣ ራጅ ትነሳለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ «ከረገጠ አልተሰበረም» የሚለው የሰፈር ሕግ ከደንቡ ግማሹን ብቻ ይይዛል። የውጪው ጉብታ የተሰነጠቀበት ሰው በአድሬናሊኑ ግፊት ታክሲ ድረስ ሊሄድ ይችላል። በውጪው የእግር ጠርዝ ያለው አጥንት ደግሞ ከባቱ ጎን በሚወርደው ጅማት ተጎትቶ ሲሰበር፣ ሰው ሁሉ ያበጠውን ጉብታ እያየ እሱን ይዘነጋዋል።

ደንቡ የማይሠራባቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱን ሳይለዩ መጠቀም አደገኛ ነው። መሠረቱ «ሲጫን ያማል ወይ» የሚለው ጥያቄ ስለሆነ መልሱ የማይታመን ሰው ላይ ይከሽፋል። የጠጣ ሰው እንዲህ ነው። ሌላ ከባድ ጉዳት ደርሶበት ቁርጭምጭሚቱን የረሳም እንዲሁ። ከሁሉም በላይ ግን የእግሩ ስሜት የደነዘዘ ሰው አለ፦ ስኳር ለዓመታት የቆየበት፣ ወይም የሥጋ ደዌ ነርቩን የጎዳው። እንዲህ ያለ ሰው በተሰበረ እግር ሳምንት ሊመላለስ ይችላል፤ እሱ ላይ እብጠትና ሙቀት ብቻቸውን ለራጅ በቂ ናቸው። ልጆችም የተለየ ጉዳይ ናቸው። ደንቡ መጀመሪያ የተሠራው ለአዋቂዎች ነው፤ በማደግ ላይ ባለ ልጅ አጥንት ጫፍ ያለው የእድገት መስመር ከጅማቱ የላላ በመሆኑ፣ አዋቂውን ወለም የሚያደርገው አወዳደቅ ልጁን ሊሰብረው ይችላል። እግሩ ቅርፁን ከለቀቀ፣ አጥንት ቆዳ ከቀደደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ግን ደንብ መቁጠር አያስፈልግም፤ ወዲያው ሆስፒታል ነው። ከቂሊንጦ ለሚነሳ ሰው ከቅርቦቹ አንዱ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው።

ከውጭ አገር የመጣ ደንብ ለእኛ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ከእነሱ ይልቅ ለእኛ ይጠቅማል ባይ ነኝ። የቁርጭምጭሚት ራጅ ጨረሩ እጅግ ትንሽ ስለሆነ የሚፈራው እሱ አይደለም። የሚከፈለው ዋጋ ጊዜና መንገድ ነው፦ ብዙ ጤና ጣቢያዎች የራጅ መሣሪያ የላቸውም፤ በታመመ እግር ሚኒባስ ተጋፍቶ፣ ተሰልፎ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ከሥራ ቀርቶ፣ በመጨረሻ «አልተሰበረም» ተብሎ መመለስ ይመጣል።

ከዚህ የባሰው ግን «አልተሰበረም» የሚለው ቃል ራሱ የሚያመጣው ጣጣ ነው። ራጅ አጥንት እንጂ ጅማት አያሳይም። ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ ጅማት ያለበት ቁርጭምጭሚት ከፊት፣ ከጎንና በትንሹ ወደ ውስጥ ዞሮ ቢነሳም ሦስቱም ሥዕሎች ንጹሕ ሊሆኑ ይችላሉ። ሰውየው ይህን ሲሰማ «ነፃ ነኝ» ብሎ በነጋታው ሥራ ይገባል። ዓመት ሙሉ እግሩ እየከዳው የሚያስቸግረው ሰው ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚጀምር ነው።

ታዲያ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንክብካቤ ምን ይሁን? ለአሥርት ዓመታት የተሰበከው ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና ከፍ ማድረግ ነው። ይህን አራት ቃል በአንድ ምሕጻረ ቃል ያሰረው ጌብ ሚርኪን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1978 ነበር፤ እሱ ራሱ በኋላ ከዕረፍቱም ከበረዶውም ላይ እምነቱን ቀንሷል። ብግነት የጥገናው መጀመሪያ ስለሆነ ቅዝቃዜ ያዘገየዋል የሚል ክርክር ተነሥቷል። ማስረጃው በሁለቱም ወገን ቀጭን ነው። በረዶ ሕመም እንደሚቀንስ ግን ማንም አይከራከርም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ወይም ሁለት ቀን በጨርቅ ጠቅልሎ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ማስቀመጥና ማንሳት፣ ከዚያ ከሁለት ሰዓት በኋላ መድገም ይቻላል። ፍሪጅ የሌለው ሰው በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ ቢጠቀም ብዙ አይቀርበትም። በረዶን በቀጥታ ቆዳ ላይ ማድረግ ግን ያቃጥላል።

ከበረዶው ይልቅ እኔ የምመክረው የሚለጠጠውን ፋሻና ትራሱን ነው። ፋሻው ከጣቶቹ ሥር ተጀምሮ፣ በእግሩ ላይ ሁለቴ ዞሮ፣ በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ እየተመሳቀለ ወደ ላይ ይወጣል። ታች ጠበቅ፣ ላይ ላላ ይደረጋል፤ ከተገላበጠ እብጠቱን ወደ ጣቶቹ ይገፋዋል። ከመጠን በላይ መጥበቁን የምታውቅበት መንገድ ቀላል ነው፦ የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጭነህ ስትለቅ ነጭ የሆነው ሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀይነት ካልተመለሰ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ጠዝጠዝ ካላቸው ፍታው። ሲተኛ ሁልጊዜ ይላላል። እግሩ ደግሞ ከልብ ከፍታ በላይ ይሁን፤ ወንበር ላይ ማንጠልጠል ከፍ ማድረግ አይደለም፤ ጋደም ብሎ ሁለት ትራስ ላይ ማሳረፍ ነው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉት ከሱ እምብዛም አይሻሉም፣ ጨጓራ ላለበት ሰው ደግሞ ችግር ያመጣሉ።

ወደ ወጌሻው እንመለስ። እኔ ወጌሻን በጅምላ ማውገዝ አልወድም። ብዙዎቹ የተጣመመ ጣትና የወጣ ትከሻ እያቀኑ ኖረዋል፤ ሰፈሩ የሚያምናቸው በከንቱ አይደለም። ወለምታን በተመለከተ ግን ሁለት ነገሮች ጉዳት ያመጣሉ። አንደኛው በመጀመሪያው ቀን በቅቤ አጥብቆ ማሸትና «መሳብ» ነው። እግሩ ትኩስ ሳለ ጅማቱ እየደማ ነው፤ ማሸት ደሙን ያበዛዋል፣ እብጠቱ በነጋታው እጥፍ ይሆናል። «ልጄ፣ ዛሬውኑ ካልታሸ ደም ይቋጥራል» የሚሉ እናቶች የሚያዩት በለዝ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ተረከዙ የሚወርደውን ነው፤ እሱ ደግሞ ታሸም አልታሸ ይወርዳል።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራል፤ በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር። ያበጠ እግር በማይለጠጥ ነገር ከታሰረ እብጠቱ የሚሄድበት አጥቶ የደም ሥሮቹን ይጨፈልቃል፤ እግር የሚበሰብሰውና የሚቆረጠው በዚህ ነው። የኢትዮጵያ ሐኪሞች የገጠማቸው ይህ ጉዳይ በሕክምና ጽሑፎች የራሱ ስም እስከማግኘት ደርሷል። ዶክተር መኮንን እሸቴ በ2005 በእንግሊዝ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ያሳተሙት ጽሑፍ ስለዚሁ ነበር፦ ለወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ተሰጥቶ፣ በዚህ ምክንያት የሚቆረጠው እግርና እጅ ቁጥር ቀነሰ። ከዚህ የምረዳው ወጌሻውን ከመንገድ ማስወገድ ሳይሆን ጣቶቹ ሲቀዘቅዙ ማሰሪያውን እንዲፈታ ማስተማሩ ሕይወት የሚያድን መሆኑን ነው። ታሞ የታሰረ ሰው ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ፣ በተለይ ጣቶቹን ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ሲዘረጋለት ከጮኸ፣ ማሰሪያው በዚያች ደቂቃ ይፈታል፤ «ወጌሻው ሳይመጣ አይነካም» መባል የለበትም።

አምስተኛው ቀን አካባቢ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሐኪምም ቢሆን ጅማቱን ለመፈተን ቢሞክር ሕመሙና እብጠቱ አያሠሩትም። ከአራት እስከ አምስት ቀን ሲቆይ ግን ተረከዙን ይዞ ወደ ፊት በመሳብ፣ የት እንደሚያም በመንካትና በለዙን በማየት የተበጠሰውን ካልተበጠሰው በጥሩ እርግጠኝነት መለየት እንደሚቻል የሆላንድ ሐኪሞች አሳይተዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ምሽት ራጅ ያላስፈለጋት ያቺ ሴት ሕክምና ልትሄድበት የሚገባው ቀን ይህ ነው፤ በተለይ ገና ማነከሷ ካልቀነሰ። ደንቡን ያኔ መድገምም ይጠቅማል፤ እብጠቱ ሲወርድ መጀመሪያ ያልተገኘ የአጥንት ሕመም ሊገኝ ይችላል። ባለሙያ ባለበት የሶኖግራፊ መሣሪያም የፊተኛውን ጅማት ማየት ይችላል፤ ሆኖም የሚሰጠው መልስ የሚወሰነው በሚያነሳው ሰው እጅ ነው።

ጅማቱ ምን ያህል ተጎዳ የሚለው የሚቀይረው ነገር አለ። ለቀላልና ለመካከለኛ ወለምታ ጀሶ አያስፈልግም፤ ሕመሙ በፈቀደው መጠን ቶሎ መርገጥ ይሻላል። ክፉኛ ተጎድቶ ጭራሽ መርገጥ ላቃተው ግን ነገሩ ይለያል። በ2009 በላንሴት የወጣው የእንግሊዝ ጥናት እንዲህ ያሉ 584 ሰዎችን አራት ዓይነት ድጋፍ አከፋፍሎ ተከታተለ። ከጉልበት በታች ለ10 ቀን ጀሶ የተደረገላቸው ሰዎች ቱቦ መሰል ላስቲክ ብቻ ከለበሱት በሦስት ወር ውስጥ የተሻለ ውጤት አገኙ። እዚህ ላይ ቁጥሩ አሥር ቀን እንጂ ስድስት ሳምንት እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ጀሶ ያለበት ሰው ባቱ ካበጠና ካመመው፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ቀን አይቆጥርም።

እብጠቱ ሲወርድ የቀረው ሥራ ሚዛን ነው። የተጎዳ ጅማት ውስጥ ያሉት ስሜት ተቀባዮች እግሩ የት እንዳለ ለአእምሮ የሚነግሩ ናቸው፤ ስለዚህ ሕመሙ ጠፍቶም እግሩ ዘግይቶ ይነቃል። ይህን የሚያስተካክለው መድኃኒት ወይም ቅባት ሳይሆን በአንድ እግር መቆም ነው፦ መጀመሪያ ግድግዳ አጠገብ ለግማሽ ደቂቃ፣ ሲለመድ ያለ ድጋፍ፣ ቀጥሎ ዓይን ጨፍኖ፣ በመጨረሻ የታጠፈ ፎጣ ላይ። በ2009 የታተመ ሌላ የሆላንድ ጥናት፣ በቤታቸው ለስምንት ሳምንት ይህን መሰል ልምምድ ካደረጉ ስፖርተኞች መካከል በዓመት ውስጥ ዳግም ወለም ያላቸው ከመቶ 22 ሲሆኑ፣ ካላደረጉት ግን 33 መሆናቸውን አሳይቷል። ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት የሚጀምረው ዓይን ጨፍኖ በታመመው እግር ከቆሙ በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው።

በመጨረሻ ኤምአርአይ። በመጀመሪያው ሳምንት ቢነሳ የሚያሳየው ውሃ፣ ደምና የተበጠሰ ጅማት ነው፤ ይህን ደግሞ በእጅ አውቀነዋል፣ ሕክምናውም አይቀየርም። ወረፋውና ወጪው የሚገባው ሌላ ጥያቄ ሲኖር ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ቁርጭምጭሚቱ ከውስጥ በጥልቀት ካመመ፣ ሲንቀሳቀስ ከቆለፈ ወይም ካንቀጫቀጨ፣ ከታች ያለው አጥንት ለስላሳ ልባሱ ተልጦ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ራጅ ብዙ ጊዜ አያሳየውም። አንድ ጉዳት ግን ስድስት ሳምንት አይጠበቅም። ሕመሙ ከጉብታው በላይ ከሆነ፣ የባቱን ሁለት አጥንቶች መሃሉ ላይ በእጅ ጨምቆ ሲይዙ ሕመሙ ታች ቁርጭምጭሚቱ ላይ ከተሰማ፣ ወይም ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጪ በኩል ያለው አጥንት ሲጫን ካመመ፣ ሁለቱን አጥንቶች የሚያያይዘው ጅማት ተለያይቶ ይሆናል። ያኔ ራጁ የቁርጭምጭሚቱ ብቻ ሳይሆን እስከ ጉልበት ድረስ ያለውን አጥንት የያዘ መሆን አለበት፤ ከተቻለም ሰውየው ቆሞ ሲረግጥ ይነሳል፤ ካልተለየ በሲቲ ስካን ይታያል፤ አንዳንዴም ብሎን የሚፈልገው ይኸው ነው። እንዲህ ያለውን ሕመም በሪፈር ወረቀቱ ላይ «የቁርጭምጭሚት ራጅ» ብቻ ብሎ የላከ ባለሙያ፣ ስብራቱ ጉልበት ሥር ሆኖ ሳለ ንጹሕ ሥዕል ይደርሰዋል።